ከሥራ ጎን ለጎን፦ ድሬዳዋ ላይ ትሬዲንግን የተማርኩበት 6 ወር

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ከቢሮ የምወጣው 11 ሰዓት ተኩል ነው። ትሬዲንግ፣ ማለትም የውጭ ምንዛሪ እየገዙና እየሸጡ መነገድን፣ ልማር ስል መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሰዓት ነው።

የምንዛሪ ገበያ ደምቆ የሚንቀሳቀሰው ለንደንና ኒውዮርክ አብረው ክፍት ሲሆኑ ነው። በእኛ ሰዓት ከቀኑ 9 ወይም 10 ጀምሮ እስከ ምሽቱ 1 ወይም 2 መሆኑ ነው፤ እነሱ በዓመት ሁለቴ ሰዓት ስለሚቀይሩ ይለዋወጣል። ተቀጣሪ ሰው ግማሹ ያልፈዋል። ስለዚህ የደቂቃ ቻርቶችን ትቼ የዕለቱን ቻርት ብቻ ያዝኩ። ነጋዴውን ከገበያ በሚያገናኙት በብዙ ብሮከሮች ዘንድ፣ የአንድ ቀን የዋጋ እንቅስቃሴን የሚያሳየው ካንድል የሚዘጋው በእኛ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ነው። ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ተነስቼ፣ የተዘጋውን ካንድል አይቼ፣ ትእዛዜን አስገብቼ ወደ ሥራ እሄዳለሁ።

የመጀመሪያዎቹን 2 ወራት ብዙ አላወራባቸውም። ፒፕ የዋጋ ለውጥ የሚለካበት ትንሽ መለኪያ፣ ሎት የንግዱ መጠን፣ ስፕሬድ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት፣ ሌቨሬጅ ደግሞ በትንሽ ገንዘብ ከዚያ የበለጠ መጠን መነገድ መሆኑን ተማርኩ። ከዚያ EUR/USD በሚባለው የዩሮና የዶላር ጥንድ ላይ ብቻ የድሮ ቻርት ወደ ኋላ እየመለስኩ ዋጋው የት የት እንደቆመ ምልክት አደረግሁ። አንድ ጥንድ ይበቃል። አምስት የሚከፍት ጀማሪ የአንዱንም ጠባይ አያውቅም።

3ኛውን ወር ሙሉ ለአንድ ስሌት ሰጠሁት። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ እንዳይቀር እላለሁ። በምናባዊ ገንዘብ የሚለማመዱበት የዴሞ አካውንት ሲከፈት ብዙ ጊዜ 10,000 ወይም 100,000 ዶላር ይሰጣል። እኔ 500 አደረግሁት፤ እንዲህ ካልሆነ ኪሳራው ሰውን አይሰማውም። በአንድ ንግድ ከ1 በመቶ በላይ ላላጣ ወሰንኩ፤ ያ 5 ዶላር ነው። ዋጋው በተቃራኒው ሲሄድ ንግዱን በኪሳራ የሚዘጋውን ስቶፕ ሎስ የት እንደማደርግ ቻርቱ ይነግረኛል፤ የሎቱ መጠን ከዚያ በኋላ ይመጣል። ብዙ ሰው ሎቱን አስቀድሞ መርጦ ስቶፑን ለዚያ ያጠባል፤ ዋጋው ትንሽ ሲወዛወዝ ይወጣና ከዚያ ወዳሰበው አቅጣጫ ሲሄድ ቆሞ ያያል። ስቶፑ 25 ፒፕ ይራቅ እንበል። በ0.01 ሎት አንድ ፒፕ 10 ሳንቲም ዶላር ነው።

```
5 / (25 x 0.10) = 2
2 x 0.01 = 0.02 ሎት
```

ስቶፑ 50 ፒፕ ቢሆን ሎቱ ወደ 0.01 ይወርዳል። የማጣው ያው 5 ዶላር ነው።

እዚህ ላይ የመብራት ነገር አለ። መደበኛ ስቶፕ ሎስ የሚቀመጠው ብሮከሩ ሰርቨር ላይ ስለሆነ መብራት ቢጠፋ፣ ስልክ ቢዘጋም ይሠራል። ሜታትሬደር በሚባለው የመገበያያ ፕሮግራም ላይ ያለው፣ ዋጋውን እየተከተለ የሚንቀሳቀሰው ትሬሊንግ ስቶፕ ግን ከኮምፒውተራችን ነው የሚሠራው። ፕሮግራሙ ሲዘጋ መከተሉን ያቆማል፤ የሚቀረው መጨረሻ ላይ የደረሰበት ስቶፕ ብቻ ነው። ቢሮ ለሚውል ሰው መደበኛው ይሻላል። እሱም ቢሆን ዋጋው ቅዳሜና እሁድን ዘልሎ ከከፈተ ካሰብነው በባሰ ዋጋ ሊወጣ ይችላል። እኔ ዓርብ ማታ ክፍት ንግድ አላሳድርም።

በ4ኛውና በ5ኛው ወር አንድ የመግቢያ ደንብ ደብተር ላይ ጽፌ በዴሞ ሠራሁበት። እያንዳንዱን ንግድ ከመግባቴ በፊት ምክንያቱን፣ ስቶፑንና የትርፍ ዒላማውን እጽፋለሁ። ከገባሁ በኋላ የምጽፈው ምክንያት ሁልጊዜ ከውጤቱ ጋር ይስማማል፤ ስለዚህ አይጠቅምም።

6ኛው ወር ደብተሩን የማስላት ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ከአሥር ስንቱን ነው የምታሸንፈው?» እያለ ይጠይቀኛል። ይህ ብቻውን ምንም አይናገርም። ከ10 ንግድ 4 ብቻ ቢያሸንፉና እያንዳንዱ 10 ዶላር ቢያመጣ 40 ነው። 6ቱ 5 ዶላር ቢያከስሩ 30። የቀረው 10 ዶላር ነው። ስፕሬዱ 1.2 ፒፕ ከሆነ ደግሞ በ0.02 ሎት በአንድ ንግድ 24 ሳንቲም፣ በ10ሩ 2.40 ይወስዳል። በእጅ የሚቀረው 7.60 ነው። ዒላማው ከስቶፑ እኩል ቢሆን ኖሮ ግን ያው 4ቱ ድል ያከስራል። አሥር ንግድ ብቻ አይቶ ደንቡ ይሠራል ማለት አይቻልም፤ አጋጣሚም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የዕለቱን ቻርት የሚጠቀም ሰው መዝገቡ እስኪበዛ ወራት የሚፈጅበት።

ዶላሩ እስካሁን ዴሞ ላይ ነው። «ብርህን ስጠኝ፣ እኔ እነግድልሃለሁ» ለሚሉ የቴሌግራም ሰዎች መልስ አልሰጥም። በእውነተኛ ብር የማየው አክሲዮን የሚገበያይበትን የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያን ነው። ጥር 2017 ዓ.ም. ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው፤ ግብይቱም ፈቃድ ባላቸው አባላት በኩል ይካሄዳል። ገበያው አዲስ ስለሆነ መሸጥ ባሰኘኝ ቀን ባሰብኩት ዋጋ ገዢ ላላገኝ እችላለሁ። እዚያ የማስገባው ለረጅም ጊዜ የማልፈልገውን ብር ብቻ ነው፤ የቤት ኪራይና የወር አስቤዛ አይነካም።