የቻትቦታችንን የመጀመሪያ መልዕክት እንዴት እንደ አዲስ ጻፍኩት

ዕቃ ለሚያደርስ ድርጅት የቴሌግራም ቦት እሠራለሁ። ቦቱን ስረከብ ሥራ ላይ ነበር። የሚችለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ዕቃው የት እንደደረሰ መናገርና የሚደርስበትን ቀን መቀየር። ሰው ሲከፍተው ግን እንዲህ ይላል፦

«ሰላም! እኔ ብልህ ረዳትዎ ነኝ። ዛሬ ምን ልርዳዎት?»

ጨዋ መልዕክት ነው። ችግሩ፣ ሁሉንም ነገር ቃል መግባቱ ነው። በተለመደ መተግበሪያ ላይ ሰው ገጹን አይቶ፣ ምን ምን ቁልፍ እንዳለ ተመልክቶ፣ የሚቻለውንና የማይቻለውን ይገምታል። ቻት ላይ ግን የሚታየው ባዶ የመጻፊያ ሳጥን ብቻ ነው። «ምን ልርዳዎት?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው፣ ያስጨነቀውን ነገር መጻፉ ተፈጥሯዊ ነው።

ስለዚህ አዲስ ቃል ከመጻፌ በፊት የድሮ ንግግሮችን አወጣሁ። ስምና ስልክ እንዲጠፋ አደረግኩና፣ ሰዎች ከሰላምታው ቀጥሎ የጻፉትን የመጀመሪያ መልዕክት ብቻ ማንበብ ጀመርኩ። ሦስት ቦታ ከፈልኳቸው፦ ቦቱ የሚችላቸው፣ የማይችላቸው፣ እና «ሰላም»ን ወይም «አለህ?»ን የመሰሉ ገና ምንም ያልጠየቁ።

ሁለተኛው ክምር ውስጥ በጣም የሚያሳዝን ነገር አለ። ሰው ገንዘብ እንዲመለስለት ይጠይቃል። ቦቱ «አልገባኝም፤ እባክዎ በሌላ አባባል ይጻፉ» ይለዋል። ሰውየው አሳጥሮ ይጽፋል። ያው መልስ። አብራርቶ ይጽፋል። ያው መልስ። ቦቱ ግን ገንዘብ የመመለስ ሥራ ጭራሽ አልተሰጠውም፤ እንዴት አድርጎ ቢጻፍለት የሚለወጥ ነገር የለም። ጥፋቱ የአጻጻፉ የመሰለው ተጠቃሚ በከንቱ ይለፋል። እዚህ ጋ ነው የመክፈቻው መልዕክት ሥራ ምን እንደሆነ የገባኝ፦ ሰው በማይሆን መንገድ ጊዜውን ሳይጨርስ ትክክለኛውን በር ማሳየት።

ከዚያ ክምሩን ቆጥሬ፣ ከማይችላቸው ጥያቄዎች በብዛት የሚመጡትን ለየሁ። ሁለት ናቸው፦ ገንዘብ ማስመለስና አድራሻ መቀየር። መልዕክቱ ውስጥ የገቡት እነዚህ ብቻ ናቸው። ቦት የማይችለው ነገር ማለቂያ የለውም፤ ሁሉንም ልዘርዝር ካልን ማንም አያነበውም። ሰዎች በተጨባጭ የሚጠይቁትን ካላወቅን ደግሞ ማንም ያላሰበውን ነገር «አልችልም» እያልን ቦታ እናባክናለን።

የጻፍኩት ይህ ነው፦

«ሰላም። እኔ የዕቃ መከታተያ ቦት ነኝ፤ ሰው አይደለሁም። ዕቃዎ የት እንደደረሰ እነግርዎታለሁ፤ የሚደርስበትንም ቀን እቀይርልዎታለሁ። የማየው ዕቃው መጨረሻ የተመዘገበበትን ቦታ ነው፤ አሁን መንገድ ላይ ከሆነ የት እንዳለ ላላውቅ እችላለሁ። ገንዘብ ለማስመለስና አድራሻ ለመቀየር «ሠራተኛ አገናኘኝ» የሚለውን ይጫኑ። ለመጀመር 8 አሃዝ ያለውን የትዕዛዝ ቁጥር ይላኩ፤ ለምሳሌ 48213907።»

ከሥሩ ሦስት ቁልፎች አሉ፦ «ዕቃዬ የት ደረሰ?»፣ «ቀን ልቀይር» እና «ሠራተኛ አገናኘኝ»።

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ያለ ምክንያት አልገባም። «ብልህ» የሚለው ወጣ፤ ምን መጠየቅ እንደሚቻል የሚነግረን ነገር የለውም። «ሰው አይደለሁም» የገባው፣ ብዙዎች ከሠራተኛ ጋር የሚያወሩ መስሏቸው ረጅም ታሪክ ስለሚጽፉ ነው። «አልችልም» የሚል ዓረፍተ ነገር ደግሞ የለም። በእሱ ፋንታ ሰውየው የት መሄድ እንዳለበት ተነገረው። ይህን ስጽፍ ግን አንድ ነገር አረጋገጥኩ፤ ሠራተኛ የማገናኛው ቁልፍ ሲጫን ከሥራ ሰዓት ውጭ ምን ይሆናል? ማንም ከሌለ ቁልፉ መቼ መልስ እንደሚመጣ መናገር አለበት። አለዚያ ሰውን ከአንድ ዝምታ ወደ ሌላ ዝምታ መላክ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመሐል ዓረፍተ ነገር ነው፤ «መጨረሻ የተመዘገበበትን ቦታ» የሚለው። ቦቱ ምን እንደሚሠራ መናገር አንድ ነገር ነው። የሚሠራውን ምን ያህል በትክክል እንደሚሠራው መናገር ሌላ ነው። ማይክሮሶፍት በ2019 ሰዎች ከአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ጋር ስለሚሠሩበት መንገድ ያወጣቸው 18 መመሪያዎች የሚጀምሩት በእነዚህ በሁለቱ ነው፤ ለየብቻቸውም ተቀምጠዋል። በእኛ ቦት የዕቃው ቦታ የሚታደሰው ሠራተኛ መጋዘን ላይ ባርኮዱን ሲያነብ ነው። ይህን ያልተነገረው ሰው ከሰዓታት በፊት የነበረውን ቦታ አይቶ «ዕቃዬ ቆሟል» ብሎ ይደነግጣል።

ቴሌግራም ላይ አንድ ተጨማሪ ቦታ አለ። ሰው `Start` የሚለውን ከመጫኑ በፊት፣ ባዶው ቻት መሐል የቦቱ መግለጫ ይታየዋል። የቴሌግራም ቦቶች በሚተዳደሩበት በ`BotFather` በኩል `/setdescription` ብለን እንሞላዋለን፤ እስከ 512 ፊደል ይይዛል። ያንን ባዶ አለመተው ይበጃል። እዚያ «ዕቃ ለመከታተልና ቀን ለመቀየር» ብዬ አጭር ነገር ጻፍኩ። ዝርዝሩን ለመክፈቻው መልዕክት ተውኩት።

መልዕክቱን ከመልቀቄ በፊት ቦቱን ለማያውቁ ሰዎች ስልክ ላይ አሳየኋቸው። አንብበው ሲጨርሱ ስልኩን ተቀብዬ ሦስት ነገር ጠየቅኩ፦ ምን ይሠራል? ገንዘብ ማስመለስ ብትፈልግ ምን ታደርጋለህ? አሁን ምን ብለህ ትጽፋለህ? «ግልጽ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ሰው ሁሉ ግልጽ ነው ይላል። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የምሳሌ ቁጥሩ አልነበረም። ብዙዎቹ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ «ዕቃዬ የት ነው እላለሁ» አሉ እንጂ ቁጥር አልጠቀሱም። ምሳሌውን የጨመርኩት ለዚህ ነው፤ ቁጥር ሲያዩ ቁጥር ይጽፋሉ።

ከተለቀቀ በኋላ የምከታተለው መለኪያ አንድ ነው፤ ከሰላምታው በኋላ ከሚመጡት የመጀመሪያ መልዕክቶች ስንት እጁ ቦቱ የሚችለው ነው? ቁልፍ የተጫነበትን ብዛት ብቻ ማየት ያሳስታል። ሰው መውጫ አጥቶም ቁልፍ ይጫናል። «አልገባኝም» ተብሎ መልሶ የሚጽፈው ሰው ቁጥርም በደንብ ይናገራል፤ እኛ ጋ እሱ ቀንሷል። «ሠራተኛ አገናኘኝ» ላይ ግን ጭነቱ ጨምሯል። ይህን ለደንበኞች አገልግሎት ክፍሉ አስቀድሜ ነግሬ ነበር፤ አለዚያ ቦቱ የባሰበት ይመስላቸው ነበር።

የመክፈቻ መልዕክት የማይፈታው ነገርም አለ። ቦቱን ደጋግሞ የሚከፍት ሰው አያነበውም፤ ዓይኑ ቀጥታ ወደ ታች ይሄዳል። ስለዚህ ገደቡን በሚፈለግበት ሰዓትም ደገምኩት። ሰው ስለ ገንዘብ ሲጽፍ ቦቱ «አልገባኝም» ማለቱ ቀርቶ «ገንዘብ ማስመለስን ሠራተኛ ነው የሚያየው» ይላል፤ ቁልፉም አብሮ ይመጣል። በጽሑፍ መልዕክት በደረሰው ማስፈንጠሪያ ለሚገባ ሰው ደግሞ ሰላምታው ራሱ አጠረ። ቴሌግራም ከ`start` ጋር አጭር ኮድ ማስተላለፍ ስለሚፈቅድ፣ ቦቱ የዚያን ሰው ዕቃ አውቆ ቀጥታ ያለበትን ቦታ ይነግረዋል። ኮዱ የትዕዛዝ ቁጥሩ ራሱ እንዳይሆን አደረግን፤ ቁጥር እየገመተ የሌላ ሰው ዕቃ የሚያይ እንዳይኖር በዘፈቀደ የሚወጣ ፊደልና ቁጥር ነው።

አሁን የሚያሳስበኝ መልዕክቱና ቦቱ እንዳይለያዩ ነው። ቀን መቀየሪያው ለጥገና ሲዘጋ፣ ሰላምታው «ቀን እቀይርልዎታለሁ» እያለ መቀጠል የለበትም። ስለዚህ የአገልግሎቶቹ ስም በሰላምታው ጽሑፍ ውስጥ በእጅ አይጻፍም፤ ቦቱ ሥራ ላይ ካሉት አገልግሎቶች ዝርዝር እያነበበ ይሞላዋል። አንዱ ሲዘጋ ዓረፍተ ነገሩም ቁልፉም አብረው ይወጣሉ።