አስታራቂው ምን ሠራ?

የቡድን ሥራ ሰውን ከሰው ለማጣላት የተፈጠረ ይመስለኛል። እኛ ሦስት ነበርን። ጽሑፉ አልቋል፣ ስላይዱ ተሠርቷል። የቀረው ማን ያቅርበው የሚለው ብቻ ነው። ረጅሙ ልጅ "እኔ ነኝ የማቀርበው" አለ። ባለመነጽሯ "እኔ ነኝ የማቀርበው" አለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ዓረፍተ ነገር አልሰማሁም፤ ድምፃቸው ብቻ ነው የሚጨምረው።

እኔ ደግሞ ሳይጠሩኝ ለሽምግልና የምቀመጥ ሰው ነኝ። "በቃ ግማሽ ግማሽ አቅርቡ" አልኳቸው። እኩል "አይሆንም!" ብለው ጮኹብኝ። የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

እንዲህ ዓይነት ጠብ ሰው ፊት አይፈታም። ሰው ፊት የሚናገረው እልህ ነው። ስለዚህ ለየብቻ ያዝኳቸው። "ለምን?" ብሎ መጀመርም አያዋጣም፤ ሰውዬው የተከሰሰ ይመስለውና መከላከል ይጀምራል። ረጅሙን "እሺ፣ እሷ ብታቀርበው አንተ ምን ይቀርብሃል?" አልኩት። ዝም አለ። የእስክሪብቶውን ክዳን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ።

"ባለፈው ሌሊቱን ሙሉ የሠራሁት እኔ፣ ጎበዝ የተባለው ያቀረበው ልጅ። ጭራሽ መምህሩ 'አንተ ደግሞ የት ነበርክ?' አይለኝም!"

"ማቅረቡ ሳይሆን መሥራትህ እንዲታወቅልህ ነው የፈለግከው?" ስለው ትከሻው ወረደ። ብስት ኖሮ "እኔ ነኝ የማቀርበው" ብሎ ሀ ብሎ ይጀምር ነበር።

ባለመነጽሯ ጋ ስሄድ ነገሩ ሌላ ነው። ክብር ምናምን አላስጨነቃትም። "መምህሩ ጥያቄ የሚጠይቀው ዝም ያለውን ነው፤ ታውቀዋለህ" አለችኝ። "ያጠናሁትን እንደ ውኃ አወርደዋለሁ። ድንገት ከጠየቀኝ ግን የራሴም ስም ይጠፋብኛል።"

ለካ አንዱ መታወቅ፣ ሌላዋ ከጥያቄ ማምለጥ ነው የፈለጉት! የነገሩኝን ላውጣው ብዬ ሁለቱንም አስፈቀድኩና አንድ ላይ አስቀመጥኳቸው። እሷ ታቀርባለች፣ ጥያቄውን በሙሉ እሱ ይመልሳል፣ ማን የቱን ክፍል እንደሠራ ደግሞ መጀመሪያው ስላይድ ላይ ይጻፋል። ሻይ እንኳን ሳይቀዘቅዝ አለቀ። በራሴ ኮራሁ፣ ምን ልዋሻችሁ።

ቀኑ ደረሰ። ልጅቷ አወረደችው። ልጁ የተጠየቀውን ሁሉ ቀልቦ መለሰ። መምህሩ ፈገግ አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን እኔ ላይ ጣሉ። ለካስ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

"አንተስ ምን ሠራህ?"

ወደ ስላይዱ ዞርኩ። ሁለቱ ልጆች ያለ አንዳች ተንኮል ከስሜ ፊት ለፊት "አስታራቂ" ብለው ጽፈዋል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

መምህሩ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና "ጥሩ ነው" አሉ። "እስቲ አሁን ደግሞ አራተኛውን ስላይድ አብራራልንና ከውጤትህ ጋር ታረቅ።"