ወፍጮው ያተርፍ መስሎን ነበር

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንዲት ወፍጮ ቤት አለችን። እናቴና እኔ ነን የምንይዛት። ከፍ የምትለው እህቴ፣ እትዬ፣ ኩዌት ናት። ሁለት ልጆቿን እኛ ነን የምናሳድገው። ወንድማችን ጋሼ አሜሪካ ነው። ወፍጮዋ የቆመችው በ2014 ዓ.ም. በ190 ሺህ ብር ነው። 90 ሺህ ከባሕር ዛፍና ከበሬ ሽያጭ፣ 60 ሺህ ከጋሼ፣ 40 ሺህ ከእትዬ ተገኘ። እንዲህ በብር ከፋፍዬ ስነግራችሁ ያኔም የማውቀው ይመስላል። አላውቀውም ነበር። ቆይቼ፣ ተጣልተን ስናበቃ ነው ያጣራሁት።

ያኔ የነበረን መዝገብ የእናቴ መቀነት ነበር ማለት ይቻላል። ያስፈጨ ይከፍላል፣ ብሩ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ከባንክ የወጣው የእትዬ ብርም እዚያው ይገባል። ዘይትም የመብራት ክፍያም ከዚያው ይወጣል። ወር ሲያልቅ ሣጥኑ ባዶ ካልሆነ «ተመስገን፣ ወፍጮው ያበላናል» እንላለን።

ደብተር የጀመርኩት በጥር 2017 ነው። ምክንያቱ የስልክ ጭቅጭቅ ነበር። ጋሼ ደውሎ «ለመሆኑ የእኔ ብር ምን ሆነ?» አለ። በ2014 የላከው 2,000 ዶላር ነበር። ያኔ ወደ 100 ሺህ ብር ወጣ። እናቴ «ለአባትህ ተስካር አልነበር?» አለችው። እሱ ደግሞ ለሞተሩ ነው የላክሁት አለ። ሁለቱም አልዋሹም። 60 ሺው ሞተር ተገዛበት፣ 40 ሺው ተስካር ወጣበት። ግን ማንም የጻፈው ነገር ስለሌለ አንዱም ሌላውን ማሳመን አልቻለም። በዚያ ላይ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ያው 2,000 ዶላር በዚያ ጥር ወደ 250 ሺህ ብር ሆኖ ነበር። «ብድር ነው» ከተባለ የሚመለሰው 100 ነው ወይስ 250?

በማግስቱ ሁለት ደብተር ገዛሁ። አንዱ የወፍጮ፣ አንዱ የቤት። ጥርን ሙሉ እየጻፍኩ አሳለፍኩ። ወሩን እንዳለ ላሳያችሁ፤ ዓይኔን የከፈተው እሱ ነው።

ጥር 1 ቀን ሣጥኑ ውስጥ 4,300 ብር ነበር። በወሩ ውስጥ ከአስፈጪ 31,400 ብር ገባ። እትዬ 25,000 ብር ላከች። ወፍጮው ራሱ የፈጀው ደግሞ ይህን ይመስላል፦ ለቤት ኪራይ 7,000፣ ለመብራት 8,600፣ ለፈጪው ልጅ 6,000፣ ድንጋዩን ለማስወቀርና ኩሽኔታ ለመቀየር 5,400፣ ለጥቃቅን 900። ድምሩ 27,900 ነው። ቤታችን፣ ማለትም አስቤዛ፣ የልጆቹ ትምህርት፣ እድርና ማኅበር፣ ጥምቀት፣ 18,200 ወሰደ። ወሩ ሲያልቅ ሣጥኑ ውስጥ 14,600 ተገኘ።

በድሮው አቆጣጠራችን ቢሆን ከ4,300 ተነስተን 14,600 ደረስን ብለን ነጭ ሽንኩርት ሳይቀር በኪሎ እንገዛ ነበር። በሁለቱ ደብተር ግን ሌላ ነገር ታየ። ከ31,400 ላይ 27,900 ሲነሳ ወፍጮው ያተረፈው 3,500 ብር ብቻ ነው። የእትዬን ብር ካወጣነው ሣጥኑ ባዶ መሆን ብቻ ሳይሆን 10,400 ብር ይጎድለዋል። ለካ የሚያበላን ወፍጮው ሳይሆን ኩዌት ውስጥ የሰው ቤት የምትሠራው እህቴ ናት።

ሌላም የሚመር ነገር አለ። ከንጋት እስከ ማታ ሚዛን ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ለራሴ ግን ደሞዝ አልጻፍኩም። ሰው ቀጥሬ ቢሆን ከ4,000 ብር በታች አይመጣም። እሱን ብጨምር ወፍጮው በጥር ወር 500 ብር ከስሯል። ያውም እህል በሚፈጭበት ወር! ክረምት ላይማ ሚዛኑ ላይ ዝንብ ነው የሚያርፈው።

ቀጥሎ ያየሁት ኪሎውን ነው። የምናስከፍለው በኪሎ 4 ብር ነበር። 31,400 ለ4 ሲካፈል 7,850 ኪሎ ይሆናል። ፈጪው ልጅ ግን በየቀኑ የተመዘነውን በጠመኔ በር ላይ ይጽፍ ነበርና ደምሬ ስመለከተው 8,700 ኪሎ ሆነ። 850 ኪሎ የት ገባ? ልጁን ልጠረጥር ስል እናቴ ሳቀች። «የአክስትሽ ጤፍ አለ፣ የማኅበሩ አለ፣ የእኛው እንጀራስ ከየት የመጣ መሰለሽ?» አለችኝ። 3,400 ብር የሚያወጣ ነጻ ወፍጮ ማለት ነው፤ ከወሩ ትርፍ ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። ከውጭ የሚመጣውን ስጦታ ስቆጥር በጓሮ በር የሚወጣውን ስጦታ አላየሁትም ነበር። እሱን አላስቀረንም፤ አክስቴን ማን ደፍሮ ያስከፍላታል? አሁን ግን በኪሎ ይጻፋል፤ ቤት እንደ ወሰደው ይቆጠራል። የካቲት ላይ ደግሞ ዋጋውን በኪሎ 4 ብር ከ50 አደረግነው። ጎረቤት ወፍጮ ቤቶች ከጨመሩ ቆይተው ነበር። እኛ ሣጥኑ ስላልጎደለ አልታየንም።

አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው። ከውጭ የመጣ ብር ሁሉ መጀመሪያ የሚገባው የቤት ደብተር ላይ ነው። ቀኑን፣ ማን እንደላከው፣ በላኪው ገንዘብ ስንት እንደሆነ፣ በዚያን ቀን ስንት ብር እንደወጣ እጽፋለሁ። ቀጥሎ ላኪውን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ለማን ነው? ለምን ነው? ይመለሳል? መልሱን በራሱ አነጋገር እጽፈዋለሁ። «ለልጆቹ ጫማ» ካለች ለልጆቹ ጫማ ነው። ለወፍጮ ነው ከተባለ ብቻ በቀይ እስክሪብቶ ወደ ወፍጮ ደብተር ይሻገራል። ከሽያጩ ረድፍ ግን አይደባለቅም። «ከእትዬ የገባ» የሚል የራሱ ረድፍ አለው። የሽያጩ ረድፍ ላይ የሚጻፈው ያስፈጨ ሰው የከፈለው ብቻ ነው።

ወፍጮው ሲቸግረው ከቤት ቢበደር ይጻፋል፤ ቤቱ ከወፍጮ ቢወስድም ይጻፋል። ይኸኛው ከሁሉ ያስቸገረኝ ነው። መቶ ብር ለቲማቲም ወስዶ መጻፍ ያሳፍራል፣ የስስት ይመስላል። ከዚያ አንድ ዘዴ አገኘን። ማታ ማታ ወፍጮ ስንዘጋ ብሩን እቆጥርና ከደብተሩ ጋር አስተያየዋለሁ። ልዩነት ካለ እናቴን እጠይቃለሁ፤ ካላስታወሰች «ቤት» ብዬ እጽፈዋለሁ። በየቀኑ ከሆነ የሚጠፋው ሃምሳና መቶ ነው። በሳምንት አንዴ የሞከርኩ ጊዜ ግን 1,200 ብር መነሻው ጠፍቶኝ አድሬያለሁ።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ለእሷ ሁለት የዱቄት ወተት ጣሳ አዘጋጀን። ትልቁ የወፍጮ፣ ትንሹ የልጆች። ባንክም እንደዚሁ ነው፤ የውጭው በእናቴ ሒሳብ፣ የወፍጮው በእኔ። የባንኩን ወረቀት ደብተሩ ላይ በስቴፕለር አያይዘዋለሁ። በሰው እጅ የመጣ ብር ወረቀት ስለሌለው አምጪው እዚያው እንዲፈርም አደርጋለሁ። ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረመበት ጊዜ ባንክ ሲዘጋጋ እንዲህ የመጣ ብር ነበር። ስንት እንደሆነ ዛሬም ከእትዬ ጋር አልተስማማንም።

ደብተሩ ለግብርም ጠቅሞኛል፣ ግን የተጋነነ ተስፋ አይኑራችሁ። በ2016 ገማቾች መጥተው በወር ስንት እንደምናገኝ ሲጠይቁ እናቴ በየዋህነት «ሃምሳም ስልሳም ሺህ ይገባል» ብላ የልጇን ብር ጨምራ ነገረቻቸው። የቀን ገቢ ግምቱ በዚያው ልክ ወጣ። ልጅ ለእናቱ የሚልከው የወፍጮ ሽያጭ አይደለም፤ ግን ለይቶ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ማን ያምናል? በዓመቱ ደብተሩን፣ የባንኩን ወረቀትና የመብራት ቢሉን ይዤ ቅሬታ አስገባሁ። ደብተሩን ብቻውን ቢሆን ብዙም ባልተቀበሉኝ ነበር፤ «ይሄማ የራስሽ ጽሑፍ ነው» ብለውኛል። ከቢሉና ከኪሎው ጋር ሲገጥም ግን ግምቱ ዝቅ አለ። እኔ ካልኩት በላይ ነው፣ ከአምናው በታች ነው።

የጋሼን ነገር የፈታነው በስልክ ነው፤ አጎታችንን ለሽማግሌነት አስቀምጠን። ተስካሩ ላይ የወጣው 40 ሺህ ስጦታ ተባለ፤ ለአባቱ ነውና እሱም አልተከራከረም። ሞተር የተገዛበት 60 ሺህ የወፍጮው ድርሻ ሆነ፣ በ2014 ብር። ከ190 ሺው ውስጥ 60 ሺው የእሱ ስለሆነ ትርፍ ከተገኘ ከሦስት እጅ አንዱ ገደማ ይደርሰዋል። በዶላር የሚመለስ ነገር የለም። ወደፊት ብድር ካለ ግን በምን ገንዘብ እንደሚመለስ ብሩ ከመላኩ በፊት ይጻፋል ተባለ። ጋሼ ተስማማና «ታዲያ የዘንድሮው ድርሻዬ ስንት ነው?» አለ። ደብተሩን አነበብኩለት። ትንሽ ዝም አለና «በሉ ለቺንጊያ ይሁናችሁ» ብሎ ሳቀ። እሱንም ጻፍኩት።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ላከች። እናቴ ስልኩን እንደ ያዘች «ይሄ ለምንድን ነው ልጄ? ለልጆቹ ነው? ለወፍጮው ነው?» አለቻት። እትዬ ወዲያ ማዶ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። እናቴ ግን ፊቷ በራ። ስልኩን በእጇ ሸፈን አድርጋ ወደኔ ዞረችና «ለሻሽና ለቡና ብላለች። ትንሹ ጣሳ ውስጥ ጨምሪው፣ ደሞ ለእኔ ነው ብለሽ ጻፊ» አለችኝ።