ክሌፕ አለፍኩ፣ 504 ዶላር ከሰርኩ

ይህን የምጽፈው በ2024 ፎል ሴሚስተር አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ ነው። የምማረው ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ የማይመለስ የመንግሥት የትምህርት እርዳታ በሆነው በፔል ግራንት ነው። ማታ ሆቴል እሠራለሁ።

መጀመሪያ አክዩፕላሰር የሚባል ፈተና ወሰድኩ። እሱ የት ክፍል እንደምትጀምሩ ይመድባል እንጂ ክሬዲት አይሰጥም። ሳትከልሱ አትግቡ፣ እኔ ከልሼ ስለገባሁ ቀጥታ ኮሌጅ አልጀብራ ተመደብኩ። እሱንም አገር ቤት 11ኛ ክፍል የተማርኩት ስለሆነ ካለፉት ክፍሉን ሳይማሩ ክሬዲት በሚያሰጠው በክሌፕ ፈተና ልዝለለው አልኩ። ለፈተናው 95 ዶላር፣ ለፈተና ጣቢያው 25 ከፈልኩ። ጊዜው 90 ደቂቃ ነው። ውጤቱ እዚያው ስክሪን ላይ መጣ፣ 61። አብዛኛው ኮሌጅ የሚጠይቀው 50 ነው።

ደስ ብሎኝ በማግስቱ የተመዘገብኩበትን የአልጀብራ ክፍል ሰረዝኩ። ሴሚስተሩ ገና አንደኛ ሳምንቱ ነበር። አድቫይዘሬም «ጎበዝ፣ 540 ዶላር አተረፍሽ» አለችኝ። ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረችም።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። 12 ክሬዲት ነበር የያዝኩት፣ ስሰርዝ 9 ሆነ። በክሌፕ ያገኘሁት 3 ክሬዲት ትራንስክሪፕቴ ላይ ይገባል፣ ነገር ግን ለፔል የዚያ ሴሚስተር ምዝገባ ተብሎ አይቆጠርም። ፔል ደግሞ ከዚያ ዓመት ጀምሮ በያዝከው ክሬዲት ልክ ነው የሚሰላው፣ 9 ክሬዲት ማለት 75 በመቶ። የእኔ ሙሉው 7,395 በዓመት፣ ማለትም በሴሚስተር 3,697 ገደማ ነበር። ወደ 2,773 ወረደ። 924 ዶላር ሄደ ማለት ነው። ከትምህርት ክፍያው የቀነሰልኝን 540 ብናስብ እንኳ፣ ከትምህርት ክፍያ ተርፎ ለቤት ኪራይ የጠበቅኩት የፔል ቼክ 384 ጎድሎ መጣ። የፈተናውን 120 ጨምሩበት።

ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሄጄ ሁለት ሰዓት ተሰለፍኩ። «ክፍሉን የሰረዝሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። እውነት ነው፣ እስካሁን የሚያናድደኝም እሱ ነው። በዚያው ሳምንት ሌላ 3 ክሬዲት ክፍል ብተካበት ኖሮ ምንም አልጎድልም ነበር። ስጠይቅ ግን የመጨመሪያው ቀን አልፏል። ያልተሰጠኝ ፔል ከዕድሜ ልክ ጣሪያዬ ላይ አልተቀነሰም፣ የቀረልኝ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

«ኮሌጅሽ ክሌፕ ይቀበላል ወይ ብለሽ ጠይቂ» ይላሉ። ይሄ አይበቃም። በየትኛው ኮርስ ቦታ እንደሚገባ በኢሜይል አስጽፉ፣ አለበለዚያ ለሜጀራችሁ የማይረዳ ተራ ኢሌክቲቭ አድርገው ሊያስገቡት ይችላሉ። በኋላ የምትዛወሩበትን ዩኒቨርሲቲም ለብቻው ጠይቁ፣ የራሱ ሕግ አለው። ፈተናውን ደግሞ ከምዝገባ በፊት፣ በሰመር ጨርሱት። ብትወድቁ ያንኑ ፈተና ለመድገም ሦስት ወር ትጠብቃላችሁ፣ ስለዚህ ግንቦት ላይ ብትጀምሩ ነሐሴ ላይ አንድ ዕድል ይኖራችኋል።

እኔ በስፕሪንግ 12 ክሬዲት ከያዝኩ በኋላ ነው ሁለተኛውን ክሌፕ የወሰድኩት፣ አንድም ክፍል አልሰረዝኩም።