በሌላ ሰው መዝገብ ሥራ ልከለከል ነበር

ባለፈው ዓመት ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ትልቅ መጋዘን ፎርክሊፍት የሚነዳ ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ አመለከትኩ። ካመለከትኩበት ቀን እስከ መጀመሪያው የሥራ ቀን ሰባት ሳምንት ፈጀ። ከዚያ ውስጥ ሦስቱን ሳምንት የበላብኝ የማላውቀው ሰው የስርቆት መዝገብ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ቢሮው ስደርስ ታብሌት ሰጡኝና ሙላ አሉኝ። ስም፣ አድራሻና የሥራ ልምድ ካለቀ በኋላ ጥያቄው ወደ ጤና ዞረ። ወገብህን አሞህ ያውቃል? ምን መድኃኒት ትወስዳለህ? ሥራ ላይ ተጎድተህ ካሳ ተቀብለህ ታውቃለህ? እዚህ ላይ እጄ ቆመ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወገቤን ታክሜያለሁ፤ አሁን ደህና ነኝ። ግን «አዎ» ብዬ ብጽፍ እንደማይደውሉልኝ ተሰማኝ።

ያዳነኝ የሰፈራችን ሰው ጋሼ፣ ሃያ ዓመት መጋዘን የሠሩ፣ የነገሩኝ ነገር ነው። «ሥራውን ሰጥተንሃል ሳይሉህ ስለ በሽታህ የመጠየቅ መብት የላቸውም» ብለውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ኤ.ዲ.ኤ. የሚባለው የ1990 የአካል ጉዳተኞች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ከኦፈር በፊት፣ ማለትም ሥራውን ሰጥተንሃል ከማለቱ በፊት፣ ስለ ጤና እንዳይጠይቅ ይከለክላል። መጠየቅ የሚችለው ስለ ሥራው ነው። ለምሳሌ «50 ፓውንድ ሳጥን ማንሳት ትችላለህ?» ቢል ችግር የለውም። እኔም የጤናውን ክፍል ባዶ ተውኩትና ከሥሩ «የሥራውን ተግባር በሙሉ መሥራት እችላለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ማንም ምንም አላለኝም።

ኢንተርቪው ካለፍኩ በኋላ ኦፈር ሌተር መጣ። «ምርመራውንና ባክግራውንድ ቼኩን ካለፍክ» የሚል ሁኔታ አለበት፤ ባክግራውንድ ቼክ የወንጀል መዝገብ እንዳለብህ የሚጣራበት ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ከኦፈር በኋላ አሠሪው ያንን ሥራ የሚጀምሩትን ሁሉ እኩል እስከጠየቀ ድረስ ስለ ጤና መጠየቅም ማስመርመርም ይችላል። ስለዚህ የወገቤን ነገር ለክሊኒኩ ሐኪም በእውነት ነገርኩት። በዚህ ጊዜ መዋሸት በኋላ ከሥራ ሊያስባርር ይችላል። አንድ ጥያቄ ብቻ አልመለስኩም፤ «ከወላጆችህ የልብ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት አለ?» የሚለውን። የ2008ቱ ጂና የሚባለው ሕግ የቤተሰብን የጤና ታሪክ ከኦፈር በኋላም ቢሆን እንዳይጠይቁ ይከለክላል። ለነርሷ «ይሄንን አልሞላም» አልኳት፤ ወዲያው ሰረዘችው።

ድራግ ቴስቱ አጭር ነበር። ኪሴን አስፈተሹኝ፣ የሽንት ቤቱ ውኃ ሰማያዊ ቀለም ተደርጎበታል፣ ኩባያው ላይ ደግሞ ሙቀት የሚያሳይ ቁራጭ ተለጥፏል። ሽንቱ ገና ትኩስ መሆኑን ያዩበታል። በዚያ ሳምንት ሐኪም ያዘዘልኝ ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ እወስድ ነበር። ይሄ በምርመራው ላይ ኦፒየት የሚባል አደንዛዥ ዕፅ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ጠርሙሱን ከነመለያው ይዤ ሄጄ ነበርና ውጤቱን የሚያየው ሐኪም ሲደውልልኝ የፋርማሲውን ስም ነገርኩት፤ አለቀ። ለድርጅቱ የሠራተኛ አስተዳደር፣ ለኤችአር፣ አልነገርኩም፣ አያስፈልግምም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ማሪዋና በሜሪላንድ ለአዋቂዎች ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ቢሆንም የግል አሠሪ በእሱ ምክንያት ሊከለክል ይችላል። ብዙ ልጆች በዚህ ተሳስተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኢሜይል መጣ። ርዕሱ «ፕሪ-አድቨርስ አክሽን» ይላል። አማርኛው ባጭሩ «ልንከለክልህ እያሰብን ነው» ማለት ነው። ከሥሩ የባክግራውንድ ቼኩ ሪፖርትና የመብት መግለጫ ተያይዟል። ሦስተኛው ገጽ ላይ በጎረቤት ካውንቲ በስርቆት ተፈርዶበታል ይላል። ስሙ የእኔ ነው። አንብቤ እጄ ቀዘቀዘ። እኔ የትራፊክ ቅጣት እንኳ የለኝም።

ደግሜ ሳነብ ነገሩ ተገለጠልኝ። የኛ ስም እንደሚታወቀው ነው። የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት። የእኔ የራስና የአባት ስም ደግሞ እንደ አበበ ከበደ ዓይነት፣ አንድ ሰፈር ውስጥ አምስት የምታገኙት ነው። መንጃ ፈቃዴ ላይ የመጨረሻ ስሜ የአያቴ ነው። ባክግራውንድ ቼክ እንዲያደርጉ የፈቀድኩበትን ወረቀት ስፈርም ግን ቸኩዬ የአባቴን ብቻ ጽፌ ነበር። ቼኩን የሚሠራው ድርጅትም በሁለቱ ስም ፈለገና የሌላውን ሰው መዝገብ አመጣ። የዚያ ሰው የትውልድ ዓመት ከእኔ በስድስት ዓመት ይለያል። ማንም አላስተያየውም።

የመጀመሪያ ስሜቴ ኤችአር ሄጄ መጮህ ነበር። ጥሩ ነው አልጮህኩም፤ ምክንያቱም ሪፖርቱን የማረም ግዴታ ያለበት አሠሪው ሳይሆን ሪፖርቱን ያወጣው ድርጅት ነው። ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት የሚባለው የ1970 ሕግ አቤቱታ ከደረሰው በ30 ቀን ውስጥ በነፃ እንዲያጣራ ያስገድደዋል። በመሃል አዲስ ማስረጃ ከላክህ እስከ 15 ቀን ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ማስረጃውን በአንድ ጊዜ መላክ ይሻላል።

የካውንቲው ፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል ሄጄ በመዝገቡ ቁጥር ኮፒ ጠየቅኩ። የተከሳሹ የትውልድ ቀንና የመሃል ስም እዚያ ላይ አለ። ከመንጃ ፈቃዴ ኮፒ ጋር አያይዤ አጭር ደብዳቤ ጻፍኩ። «በገጽ 3 ላይ ያለው ፍርድ የእኔ አይደለም። የትውልድ ቀኑ ይለያል፣ የመሃል ስሙም ይለያል።» ከዚያ በላይ አልጻፍኩም። በአደራ ደብዳቤ ላክሁና ደረሰኙን ያዝኩ።

በዚያው ቀን ለኤችአሯ ደወልኩ፤ ይሄኛው የሚረሳ ነው። ሕጉ አሠሪው ከመወሰኑ በፊት ጊዜ እንዲሰጥ ያደርጋል፤ ብዙዎቹ አምስት የሥራ ቀን ይሰጣሉ። ማጣራቱ እስኪያልቅ ቦታውን እንዲይዝልህ ግን አያስገድደውም። «አቤቱታ አስገብቻለሁ፣ የፍርድ ቤቱን ኮፒ እልክልሻለሁ፣ እባክሽ ጠብቁኝ» አልኳት። ቀጥሎም ያንኑ በኢሜይል ጻፍኩላት። «ሁለት የትውልድ ቀን? አሁን ገባኝ» ብላ መለሰችልኝ፤ ጠበቁኝም።

በ19ኛው ቀን የታረመ ሪፖርት መጣ። ሦስተኛው ገጽ ባዶ ነው።

አሁን ማንኛውንም የፈቃድ ወረቀት ስፈርም ሦስቱንም ስም፣ መንጃ ፈቃዴ ላይ እንዳለው፣ ከነፊደል አጻጻፉ እጽፋለሁ። አንድ ነገር ግን አልተቃለለም። አንዱ ድርጅት ያረመው ስህተት ሌሎቹ ዘንድ አይታረምም። የዚያ ሰው መዝገብ በስሜ ሌላ ቦታ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የፍርድ ቤቱን ኮፒ ፋይል ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ሌላ ሥራ ስጠይቅ «ተመሳሳይ ስም ያለው ሰው አለ፣ የትውልድ ቀኑን ተመልከቱ» ብዬ ከነሱ ቀድሜ እሰጣለሁ።