የጋቢ መላኪያ ሂሳቤ፦ ሦስት ወር የሞከርኩት

ደሴ ሆኜ ጋቢና ነጠላ በቴሌግራም እሸጣለሁ። መጀመሪያ የመላኪያ ዋጋዬ ለሁሉም 200 ብር ነበር። ደንበኛ ሲጠይቀኝ ሳላስብ ወዲያው እመልሳለሁ፤ በጣም ተመችቶኝ ነበር።

በመጀመሪያው ወር 20 ጋቢ ላክሁ። 9ኙ ኮምቦልቻ ሄዱ፣ እያንዳንዳቸው 80 ብር ፈጁ። 8ቱ አዲስ አበባ በ200 ብር ሄዱ። ሐዋሳና ጅማ የላክኋቸው 3ቱ ግን አዲስ አበባ ላይ መኪና ስለሚቀይሩ እያንዳንዳቸው 450 ብር ወሰዱ። ወጪው 3,670፣ የሰበሰብኩት 4,000 ብር። ልክ ነኝ አልኩ።

በሁለተኛው ወር 18 ጋቢ ሸጥኩ። አዲስ አበባ ያው 8 ነው። ኮምቦልቻ ወደ 3 ወረደ፣ ሩቁ ወደ 7 ወጣ። 3,600 ብር ሰብስቤ 4,990 ከፈልኩ። ከኪሴ 1,390 ብር ወጣ ማለት ነው። አንዲት የኮምቦልቻ ደንበኛዬ ምክንያቱን ነግራኝ ነበር፦ «እህቴ፣ በ200 ብርማ እኔ ራሴ ደሴ ደርሼ እመለሳለሁ።» የቅርቡ ሰው ሲሸሽ ለሩቁ የሚሸፍንልኝ ጠፋ። አንድ ወጥ ዋጋ የምታስከፍሉ ካላችሁ ድምሩን ብቻ አትዩ። በየወሩ የትኛው ከተማ ስንት እንደገዛ ጻፉ።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ለብቻው ማስላት ጀመርኩ። ሂሳቡ አልተዛነፈም፣ ገዢው ግን ጠፋ። መናኸሪያ ሄጄ ረዳቱን ጠይቄ እስክመልስ ድረስ የሰውየው ልብ ይቀዘቅዛል። ሁለት ሳምንት ሞክሬ ተውኩት።

አሁን የአዲስ አበባውን 200 ብር ጋቢው ዋጋ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። 2,800 የነበረው 3,000 ሆነ፣ «መላኪያ ነፃ» ብዬ ለጠፍኩ። ለሐዋሳና ለጅማ ልዩነቱን 250 ብር አስጨምራለሁ። ኮምቦልቻ ያለ ሰው ደግሞ 120 ብር ይቀነስለታል።

እዚህም አንድ ነገር አምልጦኝ ነበር። ለሠርግ 3 ጋቢ ያዘዘችኝ የአዲስ አበባ ደንበኛ ሦስቱንም በአንድ ማዳበሪያ ተቀበለች። እኔ ለጭነቱ የከፈልኩት 300 ብር፣ ከእሷ ዋጋ ውስጥ የወሰድኩት 600። ቆጥራ ስትጠይቀኝ አፈርኩ፤ ትርፉን መለስኩላት። ከዚያ ወዲህ ከሁለተኛው ጋቢ ጀምሮ በእያንዳንዱ ላይ 150 ብር እቀንሳለሁ።

ነጠላ ላይ ግን ይሄን አላደረግሁም። 700 ብር የሚሸጥ ነገር ላይ 200 ከጨመርኩበት ገና ዋጋውን ሲያዩ ያልፉታል። ስለዚህ የነጠላ መላኪያ ለብቻው፣ በከተማ ተለይቶ ተጽፏል። ነጠላውን ከጋቢ ጋር ለሚያዝ ግን እዚያው ማዳበሪያ ውስጥ እጨምረዋለሁ፣ የመላኪያም አላስከፍልም።