680 የሥራ ሰዓትን ለአራት ሰው ያካፈልኩበት መንገድ

አዲስ አበባ ውስጥ አራት ሆነን ሶፍትዌር የምንሠራበትን ቡድን እመራለሁ። መጀመሪያ የመራሁት ፕሮጀክት 720 የሥራ ሰዓት ተገምቶለት ነበር። አራት ሰው በቀን 8 ሰዓት ሲሠራ 32 ይሆናል፤ 720 ለ32 ሲካፈል 22.5 ነው ብዬ ለደንበኛው በ23 የሥራ ቀን እንደምናስረክብ ቃል ገባሁ። ቀኑ ሲደርስ የተጠናቀቀው ሥራ ከግማሽ እምብዛም አላለፈም። ከባልደረቦቼ አንዱም ሰነፍ አልነበረም፤ አምሽተው የወጡባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ። ጥፋቱ የኔ ሒሳብ መሆኑን አምኜ መቀበል ነበረብኝ።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ሁላችንም ሰዓታችንን መዘገብን። እያንዳንዱ ሰው ከምሳ በፊትና ወደ ቤት ሲሄድ፣ በግምቱ ውስጥ ለተዘረዘሩት ሥራዎች ያዋለውን ሰዓት ብቻ ይጽፋል። ስብሰባ፣ የቀድሞ ደንበኛ ስልክ፣ የሌላውን ኮድ ማየት፣ መብራት ጠፍቶ የተጠበቀበት ጊዜ አይቆጠርም። ልምድ ያላት ፕሮግራመራችን ይህን ስትሰማ ቅር አላት፤ «ቀኑን ሙሉ ስሠራ ውዬ አራት ሰዓት ብቻ ልጽፍ ነው?» አለችኝ። ልክ ነበረች። የምንለካው የሰውን ትጋት ሳይሆን ከ720ው ላይ በቀን ስንት እንደሚቀነስ መሆኑን ማስረዳት ነበረብኝ። ደንበኛን በስልክ መርዳት እውነተኛ ሥራ ነው፤ ግን በግምቱ ውስጥ የለም።

አማካዩ ሲወጣ እሷ 4 ሰዓት፣ ሁለተኛው ፕሮግራመር 5.5፣ ሦስተኛው 5፣ ስብሰባ የሚበዛብኝ እኔ ደግሞ 2.5 ሰዓት ሆነን ተገኘን። በድምሩ በቀን 17 ሰዓት ነው።

ቀጣዩ ፕሮጀክት፣ ለአንድ አከፋፋይ ድርጅት የሚሠራ የመጋዘንና የክፍያ ሥርዓት፣ 680 ሰዓት ተገመተ። 680 ለ17 ሲካፈል 40 ቀን ነው። ሥራውን ለእያንዳንዱ ሰው በቀን በሚያውለው ሰዓት መጠን ሳካፍል ለእሷ 160፣ ለሁለተኛው 220፣ ለሦስተኛው 200፣ ለኔ 100 ሰዓት ደረሰ። በወረቀት ላይ ሁላችንም በአንድ ቀን እንጨርሳለን።

ችግሩ ሥራው እንደ ዳቦ እኩል አይቆረስም። የዳታቤዙን አሠራርና ከባንክ ጋር የሚደረገውን ግንኙነት የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ ይህ ክፍል ደግሞ 160 ሳይሆን 210 ሰዓት ይፈልጋል። 210 ለ4 ሲካፈል 52.5 ነው። ሌሎቻችን ቶሎ ብንጨርስ እንኳ ፕሮጀክቱ የሚያልቀው በ53ኛው ቀን ነው። የማስረከቢያውን ቀን የሚወስነው የቡድኑ ድምር ሳይሆን መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው መሆኑ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ፍጥነት አልጠየቅኋትም። ወደ እሷ የሚመጣውን የደንበኞች ስልክ ወደ ራሴ አዞርኩ። የእሷ ቀን ወደ 5 ሰዓት ከፍ አለ፣ የኔ ወደ 1.5 ወረደ። ድምሩ ያው 17 ነው። የእሷ 210 ሰዓት ግን በ42 ቀን ያልቃል። እኔ 60 ሰዓት ያዝኩ፤ የቀረውን 410 ሁለቱ ልጆች 215 እና 195 አድርገው ተካፈሉት፣ ለሁለቱም 40 ቀን በቂ ነው። አንድም ሰው ሳይጨመር 11 ቀን ተቆጠበ።

እግረ መንገዴን ሁለት ጊዜ የመቀነስን ስህተት ተማርኩ። ሁለተኛው ፕሮግራመር ለአንድ ሥራ «ሦስት ቀን» ብሎ ሲገምት እኔ 24 ሰዓት ብዬ መዘገብኩት። እሱ ግን ስብሰባውንና ስልኩን ጭምር አስቦ ነው ሦስት ቀን ያለው፤ በ5.5 ሲታሰብ 16.5 ሰዓት ብቻ ነው። 24ቱን እንደገና ለ5.5 ባካፍለው ከአራት ቀን በላይ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ግምት የምጠይቀው «ማንም ሳያቋርጥህ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» እያልኩ ነው። የበዓልና የፈቃድ ቀናትን ደግሞ ከቀን መቁጠሪያው ላይ እሰርዛለሁ እንጂ የቀኑን ሰዓት አላሳንስባቸውም።

ዓርብ ዓርብ ሁለት ቁጥር አያለሁ፤ የተመዘገበውን ሰዓትና የቀረውን ሥራ። ሰዓቱ ተሟልቶ ሥራው ካልቀነሰ ግምቱ ተሳስቷል፤ ሰዓቱ ራሱ ከጎደለ ቀኑን የሚሻማ ነገር አለ ማለት ነው። በሦስተኛው ሳምንት የእሷ መዝገብ 25 መሆን ሲገባው 17 ሆኖ አገኘሁት። ስጠይቃት የአንድ የቀድሞ ደንበኛ ሒሳብ ሠራተኛ የግል ስልኳን ይዞ ኖሮ በቀጥታ ይደውልላት ነበር። የዚያኑ ዕለት ደውዬ የኔን ቁጥር ሰጠሁት። የጎደለው 8 ሰዓት በእሷ 5 ሰዓት ሲታሰብ ሁለት ቀን ገደማ ስለሆነ፣ ለአከፋፋዩ ድርጅት ሁለት ቀን እንደምንዘገይ በሦስተኛው ሳምንት አስቀድሜ ነገርኩት። ሥርዓቱን ያስረከብነው በ44ኛው የሥራ ቀን ነው።